የጋራ ቆጣሪ፦ ሳንሳሳት «ብዙ ሞክራችኋል» የምንባለው ለምንድን ነው?

«ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ፤ ኮምፒውተሮቼ አራት ናቸው። የኦንላይን ምዝገባ ሲከፈት ደንበኛ ይሰለፋል። ጠዋት የመጀመሪያዎቹን አራት ሰዎች ቶሎ እንጨርሳለን። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሰው ገና አንዴ እንኳ ሳይሞክር `Too many attempts, try again later` ይለዋል። አንዳንዴ ደግሞ ሰው መሆናችንን ለማጣራት ሥዕል የሚያስመርጠውን ካፕቻ በትክክል እየመረጥን መልሶ መላልሶ ያመጣዋል። ራውተሩን አጥፍቼ ሳበራው አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ እምቢ ይላል። ቪፒኤን ተጠቀሚ ያሉኝም አሉ። ችግሩ ከኮምፒውተሬ ነው ወይስ ከኔትወርኩ?»

ሰላም እህቴ። ኮምፒውተርሽ ደኅና ይመስለኛል፣ መስመሩም አልተበላሸም። የገጠመሽ ነገር አንድ ግቢ ውስጥ አምስት ተከራይ በአንድ የካርድ ቆጣሪ ሲኖር የሚሆነው ዓይነት ነው። አንዷ ቀኑን ሙሉ እንጀራ ስትጋግር ትውላለች፣ ሌላው ማታ ገብቶ አንድ አምፖል ብቻ ያበራል። ካርዱ ሲያልቅ ግን ባለ አምፖሉም አብሮ ይጨልምበታል። ስለዚህ ያ መልእክት ሲመጣ መጀመሪያ የሚጣራው ቆጣሪው በማን ስም እንደሆነ ነው።

ድረ ገጾች ሙከራን የሚቆጥሩት በሦስት ስም ነው። አንዱ በአካውንቱ ነው፤ የአንድ ሰው ስልክ ቁጥር ወይም ኢሜይል ላይ ስንት ጊዜ የተሳሳተ ፓስወርድ እንደገባ ይያዛል። ሁለተኛው በአይፒ አድራሻው፣ ማለትም ጥያቄው ከየትኛው መስመር እንደመጣ ነው። ሦስተኛው በብራውዘሩ ነው፤ ገጹ ኩኪ የሚባል ትንሽ ምልክት ብራውዘሩ ውስጥ አስቀምጦ በእሱ ይለየዋል። ሦስቱም አብረው ሊሠሩ ይችላሉ፣ የየራሳቸው ገደብ አላቸው፣ ሲሞሉ የሚያወጡት መልእክት ግን ብዙ ጊዜ ያው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። አንዳንዴ ይህ ታስቦበት የተደረገ ነው። የትኛው ቆጣሪ እንደሞላ ቢናገሩ ፓስወርድ እየገመተ ለሚሞክር ሌባ ቀጥሎ የቱን በር እንደሚያንኳኳ መንገር ይሆንባቸዋል። በዚህ መካከል የሚደናገረው እንዳንቺ ያለው ባለሱቅ ነው።

አንቺ የጻፍሽው ምልክት ግን ብዙ ይናገራል። የተከለከለው ሰው አዲስ ነው፣ ስለዚህ በአካውንቱ ስም የተቆጠረ ነገር የለም። አራቱም ኮምፒውተሮች ላይ የሚታይ ከሆነ ብራውዘሩም አይደለም። የቀረው አይፒ አድራሻው ነው። አራቱ ኮምፒውተሮችሽ፣ ያንቺ ስልክና ዋይፋይሽን የሚጠቀም ደንበኛ ሁሉ በአንድ ራውተር ነው የሚወጡት፤ ከውጭ ላለው ሰርቨር ሁላችሁም አንድ ሰው ናችሁ።

አሁን በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹ የኔ ምሳሌ ናቸው፤ እያንዳንዱ ገጽ የራሱን ይወስናል፣ አብዛኛውም አይናገርም። አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በቀጭን ቧንቧ ሥር ተቀምጦ በደቂቃ 2 ሊትር ይሞላል እንበል። እያንዳንዱ ወደ ገጹ የሚላክ ጥያቄ አንድ ሊትር ይቀዳል። ፎርም መላክ አንድ ሊትር ነው፣ የኤስኤምኤስ ኮድ ጠይቆ ማስገባትም እንዲሁ እየተቀዳ ይሄዳል። ጠዋት ሱቅ ስትከፍቺ ጀሪካኑ ሙሉ ነው። አንድ ደንበኛ 5 ሊትር ከጨረሰ፣ አራት ደንበኞች በአራት ኮምፒውተር ባንዴ ሲስተናገዱ 20ውም ያልቃል። አምስተኛው ሰው የሚቀርበው ባዶ ጀሪካን ላይ ነው፤ ምንም ሳይሞክር «ብዙ ሞክረሃል» የሚባለውም ለዚህ ነው። ከዚያ በኋላ ግን በር ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። በየደቂቃው 2 ሊትር ስለሚጠራቀም ሦስት ደቂቃ ብትጠብቂ 6 ሊትር አለሽ፣ ለአንድ ደንበኛ ይበቃል። በሦስት ደቂቃ አንድ ሰው ብቻ ብታስተናግጂ በዚያ ገደብ ቀኑን ሙሉ አትከለከይም፤ አራት ሰው ባንዴ ስታስገቢ ነው የምትደርቂው። ይህ አቆጣጠር በሙያው «የቶከን ባልዲ» ይባላል፣ እጅግ የተለመደ ነው።

ሌላው አቆጣጠር በጊዜ መስኮት ነው። ይህኛው ትዕግሥት የሌለውን ሰው ክፉኛ ይቀጣል። ገደቡ በ15 ደቂቃ ውስጥ 5 ሙከራ ነው እንበል። አንድ ሰው 3:00፣ 3:02፣ 3:04፣ 3:06 እና 3:08 ላይ ሞከረ፤ አምስቱ አለቁ። መስኮቱ ቋሚ ከሆነ 3:15 ሲሞላ ሁሉም ይሰረዝለትና እንደ አዲስ ይጀምራል። ብዙ ገጾች ግን የሚያዩት «ከአሁን ወደኋላ ያለውን 15 ደቂቃ» ነው። አንዳንዶቹ ደግሞ ውድቅ የተደረገውንም ሙከራ ይቆጥሩታል። ሰውየው 3:10፣ 3:12 እና 3:14 ላይ እየደጋገመ ቢጫን እያንዳንዱ መጫን ይመዘገብበታል። 3:16 ላይ ወደኋላ ሲታይ ሰባት ሙከራ አለው። በየሁለት ደቂቃው እስከተጫነ ድረስ ቁጥሩ ከአምስት አይወርድም፣ ማታ ድረስ ቢቀመጥም አይከፈትለትም። 3:14 ላይ እጁን ቢያነሳ ኖሮ አሮጌዎቹ እየረገፉ 3:21 ገደማ ላይ በገባ ነበር። «ከጠዋት ጀምሬ እየሞከርኩ ነው፣ እስካሁን አልለቀቀኝም» የሚል ሰው ስሰማ መልሱ ብዙ ጊዜ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ነው።

ስንት መጠበቅ እንዳለብሽ ማወቅ የሚቻልበት ጊዜም አለ። ክልከላው በመጣበት ገጽ ላይ `F12` ተጫኚ፣ `Network` የሚለውን ክፈቺ፣ ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ እንደገና ላኪ። በቀይ ከሚታዩት መስመሮች `429` የሚል ቁጥር ካለ እሱን ስትጫኚ `Headers` ሥር እንዲህ ያለ ነገር ልታገኚ ትችያለሽ፦

```
HTTP/1.1 429 Too Many Requests
Retry-After: 900
```

429 ከ2012 ጀምሮ ለዚሁ ጉዳይ የተመደበ የመልስ ቁጥር ነው። 900ው ሰከንድ ነው፣ 15 ደቂቃ ማለት ነው። አንዳንዴ በሰከንድ ፈንታ ሰዓት ይጻፋል፦

```
Retry-After: Mon, 03 Feb 2025 07:40:00 GMT
```

እዚህ ላይ እንዳትሳሳቺ፤ ሰዓቱ የግሪንዊች ነው። ሦስት ሰዓት ስትጨምሪበት 10:40 ይሆናል፣ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 4:40። ሁሉም ገጽ ይህን አይልክም፤ `403` ብሎ ዝም የሚልም አለ። ካልተጻፈ እኔ ከግማሽ ሰዓት በፊት ገጹን አልነካውም።

ወደ ራውተሩ እንምጣ። አጥፍተሽ ስታበሪው አንዳንዴ የሚሠራው አዲስ አድራሻ ስለሚሰጥሽ ነው። እምቢ የሚለው ደግሞ ያው አሮጌው ሲመለስልሽ ወይም አዲሱም ቀድሞ በሌላ ሰው የደከመ ሲሆን ነው። ለምን የሌላ ሰው? አሁንም በብዛት የምንጠቀምበት የአይፒ አድራሻ ዓይነት በዓለም ላይ በጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን ገደማ ነው፣ ለሁሉም አይበቃም። ስለዚህ አገልግሎት ሰጪዎች በተለይ በሞባይል መስመር ላይ ብዙ ደንበኞችን በአንድ የውጭ አድራሻ ያወጣሉ። ያንቺ የሱቅ ቆጣሪ ራሱ ከሌላ ትልቅ የጋራ ቆጣሪ ሥር ተቀጥሎ ሊሆን ይችላል። ማወቂያው ቀላል ነው። የራውተርሽን ገጽ ከፍተሽ `WAN IP` የሚለውን ጻፊ፤ ከዚያ ብራውዘር ላይ `what is my ip` ብለሽ ፈልጊ። ሁለቱ ቁጥሮች ከተለያዩ፣ በተለይ የራውተሩ በ`10.` ወይም ከ`100.64` እስከ `100.127` ባለው የሚጀምር ከሆነ፣ ከማታውቂያቸው ሰዎች ጋር ነው የምትጋሪው። የምዝገባ ቀን ደግሞ እነሱም ያንኑ ገጽ ነው የሚከፍቱት።

የሱቁ መስመር እንደሆነ ለማረጋገጥ የተከለከለውን ደንበኛ ስልኩን ዋይፋይ አስጠፊውና በራሱ ሞባይል ዳታ ያንኑ ገጽ ይክፈት። ከገባ ቆጣሪው ያንቺ መስመር ነው። እዚያም በራሱ ቁጥር ሲገባ ከተከለከለ የተቆለፈው ብዙ ጊዜ አካውንቱ ነው፤ እንዲያ ከሆነ መስመር መቀየር አይረዳውም፣ መጠበቅ ብቻ ነው። ይህን ስታደርጉ ፓስወርድ በግምት እንዳትሞክሩ፤ ምርመራው ራሱ ሌላ ሙከራ ሆኖ ይመዘገባል።

አካውንት ሳይሳሳቱ የሚቆለፍበት አንድ መንገድ አለ፣ በእኛ አካባቢ ኔትወርክ በሚደክምበት ሰዓት ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ሰውየው የኤስኤምኤስ ኮድ ይጠይቃል፤ አይመጣም። እንደገና ይጠይቃል፤ አይመጣም። ሦስተኛ ይጠይቃል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሦስቱም ተከታትለው ይወርዳሉ፣ ያውም ቅደም ተከተላቸውን ሳይጠብቁ። በብዙ ሥርዓቶች አዲስ ኮድ ሲጠየቅ የቀድሞው ይሞታል። ሰውየው መጀመሪያ የደረሰውን ያስገባል፣ የሞተ ነው፤ ሁለተኛውን ያስገባል፣ እሱም የሞተ ነው። ሦስተኛው ጋ ሲደርስ ገደቡ አልቋል። በእሱ አመለካከት የተላከለትን ነው ያስገባው፤ በሰርቨሩ አመለካከት ኮድ ሲገምት የነበረ ሰው ነው። ኮድ አንዴ ጠይቀሽ ሦስት አራት ደቂቃ ጠብቂ። ብዙ ከመጣ ደግሞ ከመጨረሻው ጥያቄ በኋላ የተላከውን ለዪ፤ ካልተለየ ሁሉንም ትተሽ ቆይተሽ አንድ ብቻ እንደ አዲስ ጠይቂ።

አሁን ካፕቻው። የካፕቻ መዞር ከክልከላው ጋር ቢመሳሰልም ምክንያቱ ሌላ ነው። ሥዕሎቹን በትክክል ስትመርጪ ካፕቻውን ያቀረበው ድርጅት ለብራውዘርሽ አንድ ትኬት ይሰጠዋል። ፎርሙን ስትልኪ ትኬቱ አብሮ ይሄዳል፤ የገጹ ሰርቨር ትኬቱን መልሶ ለሰጪው አሳይቶ «ይህ እውነተኛ ነው?» ብሎ ያጣራል። ትኬቱ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚያገለግለው፣ ዕድሜውም አጭር ነው። የጉግል ሪካፕቻ ትኬት 2 ደቂቃ ይቆያል፣ የክላውድፍሌር ተርንስታይል 5 ደቂቃ። አንቺ ጋ የሚሆነውን ልገምት። ደንበኛው ፊት ለፊት ስለቆመ ካፕቻው መጀመሪያ ይመረጣል፣ ከዚያ የመታወቂያው ስካን ይያያዛል። ስካኑ 4 ሜጋባይት ነው፣ መስመሩ ደክሟል፣ ሦስት ደቂቃ ይወስዳል። ሰርቨሩ ጋ ሲደርስ ትኬቱ ሞቷል። ገጹም ካፕቻውን መልሶ ያመጣዋል፣ አንዳንዱ የተያያዘውን ፋይልም ያጠፋዋል፣ ደግሞ ከሀ። ሪካፕቻ ከሆነ ሳጥኑ ሥር በቀይ `Verification expired. Check the checkbox again.` የሚለውን ታያለሽ፣ ግን ዓይን የሚያርፈው ፎርሙ ላይ ስለሆነ አይነበብም። መድኃኒቱ ፋይሉን አሳንሶ ቀድሞ መጫን፣ ሁሉንም መሙላት፣ ካፕቻውን ከመላኪያው ቁልፍ በፊት መጨረሻ ላይ መምረጥ ነው። በሁለት ብራውዘር ታብ አንድን ፎርም አትክፈቺ፣ ወደኋላ የሚመልሰውንም ቀስት አትንኪ፤ ያገለገለ ትኬት ይዞ እንዲሄድ ታደርጊዋለሽ።

ገጹን ገና ከመክፈትሽ በፊት «ሰው መሆንሽን አረጋግጪ» እያለ የሚዞርስ? እዚያ ካለፍሽ በኋላ ማለፍሽ የሚመዘገበው ኩኪ ላይ ነው። ብራውዘሩ ኩኪ እንዳይዝ ከተደረገ ወይም ማስታወቂያ ማገጃው ከሰረዘው በሩን አልፈሽ ደረሰኙን ጥበቃው ፊት እንደመቅደድ ነው፤ ያው መልሶ ይጠይቅሻል። ኩኪው ከአድራሻሽ ጋር ተያይዞም ሊታይ ይችላል። አንድ ኮዬ ፈጬ ያለ ሱቅ ሁለት መስመር ነበረው፣ አንዱ ሲደክም ራውተሩ በራሱ ወደ ሲም ካርዱ ይሻገራል። ካፕቻው በአንዱ መስመር ተመርጦ ፎርሙ በሌላው ይወጣል። ባለቤቱ ብራውዘር ሲቀያይር ነበር የከረመው። ሁለተኛውን መስመር ሲነቅለው ቆመ።

ሰዓትም አለ፣ ይህ የእኛ አገር ልዩ ጣጣ ነው። ለደንበኛ እንዲመች ብለው ኮምፒውተሩን በኢትዮጵያ ሰዓት የሞሉ ሱቆች አይቻለሁ፦ ጠዋት 9:00 መሆን የነበረበት 3:00 ይላል። ለሰው ትክክል ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ስድስት ሰዓት ወደኋላ ቀርቷል ማለት ነው፣ ትኬትና ኩኪ ደግሞ በሰዓት የሚኖሩ ነገሮች ናቸው። ተርንስታይል ሰዓት የተዛባበትን ኮምፒውተር `200100` በሚል የስሕተት ቁጥር ይመልሰዋል። የማዘርቦርዱ ባትሪ አልቆ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ የሚመለስ አሮጌ ማሽንም እንዲሁ ይቸገራል። ሰዓቱን በራሱ እንዲያስተካክል አድርጊው፤ የኢትዮጵያ ሰዓት ለደንበኛ ከፈለግሽ ግድግዳ ላይ ሰቅለሽ አሳዪ።

አንድ መልእክት ግን ለብቻው ለዪልኝ። ራሱ የካፕቻው ሳጥን ውስጥ `Your computer or network may be sending automated queries` ካለ፣ ሥዕሉን የቱንም ያህል በትክክል ብትመርጪ ለጊዜው አያሳልፍሽም። መስመርሽ እንደ ማሽን እየተቆጠረ ነው። ቪፒኤን ተጠቀሚ ያሉሽ ሰዎች የሚያስገቡሽ እዚህ ነው። ነፃ ቪፒኤን ማለት ከመላው ዓለም የመጣ ሰው በአንድ አድራሻ የሚወጣበት፣ ከቱሉ ዲምቱ የባሰ የተጨናነቀ የጋራ ቆጣሪ ነው። ከዚህ የሚብሰው፣ አንዳንዱ ነፃ ቪፒኤን ያንቺን መስመር ለሌላ ሰው መውጫ አድርጎ ያከራያል። ይህ መልእክት ሱቅሽ ማንም ሳይሠራ ጠዋት በመጀመሪያው ደቂቃ ከመጣ አራቱንም ኮምፒውተር ከመስመር ንቀይ፣ የዋይፋዩን ፓስወርድ ቀይሪ፣ ከዚያ ቀን በቀን አንድ አንድ እየመለስሽ በየትኛው እንደሚመለስ ተከታተዪ። የየደንበኛው ፍላሽ የሚሰካበትን ማሽን እኔ መጀመሪያ እጠረጥራለሁ። መስመርሽ በትልቁ የጋራ ቆጣሪ ሥር ከሆነ ግን ጥፋቱ የማታውቂው ሰው ሊሆን ስለሚችል፣ ያንቺ ማሽኖች ንጹሕ ሆነውም መልእክቱ ሊቀጥል ይችላል።

ለሚቀጥለው የምዝገባ ቀን እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። ሦስቱ ኮምፒውተሮች ላይ ስካን ማሳነስ፣ ፎቶ መቁረጥና መረጃውን በወረቀት ማዘጋጀት ይሠራል፤ ገጹን የሚነካው አራተኛው ብቻ ነው፣ ለእያንዳንዱ ደንበኛ አዲስ የግል መስኮት ተከፍቶ ሲጨርስ ይዘጋል። የግል መስኮቱ እስኪዘጋ ድረስ ኩኪ ይይዛል፣ ስለዚህ ሥራ መሃል አይዘጋ። ሰልፉ ከረዘመ ደንበኛው የራሱን ስልክ ሆትስፖት አብርቶ ያንን ኮምፒውተር በራሱ ዳታ ያገናኘው፤ ለራሱ ጉዳይ በራሱ መስመር መውጣቱ ነው፣ ሥራው ጥቂት ሜጋባይት ነው። ክልከላው ከመጣ ግን ማንም ምንም አይጫን፤ ሰዓቱን ወረቀት ላይ ጻፊና ቀጣዩን ሰው ስካን አድርጊ።